በቤት መኪና የሰው ዕቃ በክፍያ ማመላለስ የመድን ካሳን ሊያሳጣ ይችላል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን መደረግ አለበት?

ባሕር ዳር፦ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣው ዓሣና ማንጎ፣ ከዘጌ የሚወጣው ቡናና ጌሾ ባሕር ዳር ወደብ ሲደርስ ጉዞው አያበቃም። ከጣና ዳር እስከ ሆቴሉ፣ እስከ ምግብ ቤቱና እስከ ገበያው ያለው መንገድ ይቀራል። ይህን መንገድ የሚሸፍኑት የጭነት ተሽከርካሪዎችና ባጃጆች ብቻ አይደሉም፤ ለቤተሰብ አገልግሎት የተገዙ፣ ኮድ 2 ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖችም አልፎ አልፎ ለነዳጅ መደጎሚያ፣ አንዳንዴም እንደ መደበኛ ገቢ ምንጭ በዚህ ሥራ ይሰማራሉ። በስልክ የታዘዘ ምግብ ወይም ዕቃ ቤት ድረስ የማድረስ ሥራም እንዲሁ ነው።

ብዙ ባለመኪኖች «ሙሉ ሽፋን አለኝ» ብለው ይተማመናሉ። ሆኖም ሙሉ ሽፋን የሚባለው የመድን ውል መኪናው ለማንኛውም ሥራ ሲውል የሚሠራ አይደለም። ውሉ ላይ ከመኪናው ዓይነትና ከዋጋው ጎን ለጎን አንድ መስመር አለ፤ እርሱም መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚገልጸው ነው። ይህ መስመር «የግል አገልግሎት» የሚል ከሆነና አደጋው የደረሰው መኪናው የሰው ዓሣ በክፍያ ሲያመላልስ ከሆነ፣ መድን ሰጪው ለመኪናው ጥገና አልከፍልም ለማለት የሚያስችል መሠረት ያገኛል።

መድኑ የሚገባው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሥራውም ነው

መድን ሰጪ ኩባንያ ዓረቦን ሲተምን የሚያሰላው መኪናው ምን ያህል ለአደጋ ይጋለጣል የሚለውን ነው። ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት፣ በእሑድ ቀን ደግሞ ወደ ቤተ ዘመድ የሚሄድ መኪና በቀን የሚያሳልፈው የመንገድ ሰዓት ጥቂት ነው። ዕቃ የሚያደርስ መኪና ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውላል፤ በየደጁ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይነዳል፣ በማያውቀው ሰፈር ይገባል። ዓሣው ሳይበላሽ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ለማድረስም ይቸኩላል። ጭነቱ ሲከብድ ፍሬን ለመያዝ የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፤ የኋላ ጎማና ሞላም ከተሠሩበት ልክ በላይ ይጨነቃሉ።

በዚህ ምክንያት ኩባንያዎች የግል ተሽከርካሪንና የንግድ ተሽከርካሪን በተለያየ ፖሊሲ ያስተናግዳሉ። የግል ተሽከርካሪ ፖሊሲ መኪናው ለቤተሰብ፣ ለማኅበራዊ ጉዳይና ባለቤቱ ወደ ሥራው ለሚያደርገው ምልልስ እንዲውል ይፈቅዳል። በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ ማመላለስን፣ ማከራየትን፣ ከንግድ ጋር የተያያዘ ዕቃ መጫንንና ውድድርን ግን ከሽፋኑ ውጪ ያደርጋል። የንግድ ተሽከርካሪ ፖሊሲም በውስጡ ልዩነት አለው፤ አንዱ የባለቤቱን የራሱን ዕቃ ለሚጭን ተሽከርካሪ ነው፤ ሌላው የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ለሚጭን ነው። የኋለኛው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ ዓረቦኑም ከፍ ያለ ነው።

የትኛው ጉዞ ነው «ንግድ» የሚባለው?

በገጠርም ሆነ በከተማ ሰው ለሰው ዕቃ ማድረስ የኖረ ልማድ ነው። ከመሸንቲ ለሚመጣ ዘመድ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ በመኪናው ኋላ ጭኖ ማድረስ ንግድ አይደለም። ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ድንኳንና ወንበር ማመላለስም እንዲሁ ነው፤ ክፍያ የለበትም፣ ተደጋግሞም የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በሌላኛው ጫፍ ያለው ጉዞም ግልጽ ነው። አንድ ባለመኪና በሳምንት ሦስት ቀን ከወደብ ዓሣ እየተረከበ ለሦስት ምግብ ቤቶች ቢያደርስና በየምልልሱ ገንዘብ ቢቀበል በክፍያ ዕቃ ማመላለስ ነው። ገንዘቡ በእጅም ይሰጥ በቴሌብር፣ በቀጥታም ይከፈል ወይም «ለነዳጅ» ተብሎ፣ የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም።

ጥያቄ የሚያስነሳው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። የራሷን የምግብ ቤት አትክልትና ዓሣ በራሷ የቤት መኪና የምታመጣ ነጋዴ ለማንም አላከራየችም፤ ማንም አልከፈላትም። ቢሆንም ጭነቱ የንግድ ዕቃ ነው። የግል ፖሊሲ «ከንግድ ጋር የተያያዘ ዕቃ መጫን»ን የሚከለክል ከሆነ ይህም ጉዞ ከሽፋኑ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ለኪራይ ጭነት የሚሆነው ውድ ሽፋን ሳይሆን የራስን የንግድ ዕቃ ለመጫን የሚፈቅደው ነው። የራሱን ማንጎ ከጀልባ ተረክቦ ለገበያ የሚያቀርብ አርሶ አደርም ከዚሁ ይመደባል። ለዚህ ነው ለመድን ሰጪው «ለሥራ እጠቀምበታለሁ» ብሎ በደምሳሳው መናገር የማይበቃው፤ የማን ዕቃ እንደሆነና ክፍያ መኖር አለመኖሩ ተለይቶ መነገር አለበት።

ካሳ የሚቀርባቸው ሁለት መንገዶች

በተለምዶ «ኢንሹራንሱ ውድቅ ሆነ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። ባለመኪናው በየትኛው እንደተያዘ ማወቁ መብቱን ለመጠየቅ ይረዳዋል።

የመጀመሪያው የአጠቃቀም ገደብ ነው። እዚህ ላይ ውሉ በሕይወት አለ፤ ባለመኪናው እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ ቢጋጭ ይከፈለዋል። ነገር ግን አደጋው በደረሰባት በዚያች ሰዓት መኪናው ከተፈቀደለት ውጪ ላለ አገልግሎት ውሎ ስለነበር፣ ያ አደጋ ብቻ ከሽፋኑ ውጪ ይሆናል። ውሉ አልፈረሰም፤ አደጋው ግን በውሉ ውስጥ አልገባም።

ሁለተኛው ለመድን ሰጪው ያልተነገረ ወይም በተሳሳተ መንገድ የተነገረ ነገር ነው። የ1952 ዓ.ም የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል የደነገጋቸው አንቀጾች፣ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣም በኋላ በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት መድን ገቢው ውሉን ሲዋዋል አደጋውን ለመመዘን የሚረዱ የሚያውቃቸውን ሁኔታዎች ሁሉ በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት። አንቀጽ 667 እና 668 ስለዚሁ ይናገራሉ። አውቆ የደበቀ ወይም አውቆ ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል። ሆን ብሎ ሳይሆን በቸልታ ወይም ባለማወቅ የተወ ሰው ግን የሚጠብቀው የተለየ ነው፤ ውሉ ይጸናል፣ ካሳው ግን በተከፈለው ዓረቦንና መከፈል በነበረበት ዓረቦን መካከል ባለው ልዩነት ልክ ሊቀንስ ይችላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ አደጋን የሚጨምር ለውጥ ሲመጣም፣ ለምሳሌ የቤት መኪናው በዓመቱ አጋማሽ ዕቃ ማድረስ ሲጀምር፣ ይህንኑ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በቁጥር ሲታይ

ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በምሳሌው ያሉት ቁጥሮች ለስሌቱ እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ኩባንያ ታሪፍ አይደሉም። አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ ለቤት መኪናው ለግል አገልግሎት በዓመት 12 ሺህ ብር ዓረቦን ይከፍላል እንበል። መኪናው በክፍያ ዕቃ እንደሚያመላልስ ቢናገር ኖሮ ዓረቦኑ 20 ሺህ ብር ይሆን ነበር። ይህ ሰው ከወደብ የተረከበውን ዓሣ ይዞ ወደ ዓባይ ማዶ ሲሄድ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጭቶ የራሱ መኪና 300 ሺህ ብር የሚያወጣ ጉዳት ደረሰበት።

መድን ሰጪው የአጠቃቀም ገደቡን ጠቅሶ ከተከራከረና ክርክሩ ተቀባይነት ካገኘ፣ ለመኪናው የሚከፈለው ካሳ ዜሮ ነው። 300 ሺህ ብሩ ሙሉ በሙሉ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

ጉዳዩ ባለማወቅ የተተወ መግለጫ ተብሎ ከታየ ስሌቱ ይለወጣል። የተከፈለው 12 ሺህ ለመከፈል ከነበረበት 20 ሺህ ሲካፈል 60 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ከ300 ሺህ ብሩ ውስጥ የሚከፈለው 180 ሺህ ብር ሲሆን ቀሪው 120 ሺህ ብር በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

አገልግሎቱ አስቀድሞ ተነግሮ ተጨማሪው 8 ሺህ ብር ተከፍሎ ቢሆን ደግሞ፣ በውሉ የተጻፈው የባለቤቱ ተቀናሽ ድርሻ ብቻ ተነሥቶ የቀረው ጉዳት በሙሉ ይሸፈን ነበር። ጉዳዩ በሦስቱም መንገዶች የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የ8 ሺህ ብር ልዩነቱ ከአደጋው በፊት ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለብቻው ይታያል

በምሳሌው ውስጥ የተገጨው የቆመ መኪና ባለቤትስ? እርሱ ስለ ዓሣው ጭነት ምንም አያውቅም። የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 559/2000 አስገዳጅ የሆነው፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው እንዲህ ያለውን ተጎጂ ለመጠበቅ ነው። ሕጉ የሚያስበው መንገድ ላይ ለተጎዳው ሰው ስለሆነ፣ በመድን ሰጪውና በባለመኪናው መካከል ያለው ጭቅጭቅ ተጎጂውን ባዶ እጁን እንዲያስቀር አይፈለግም።

ይህ ማለት ግን ባለመኪናው ዳነ ማለት አይደለም። የግዴታ ሽፋኑ በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ኃላፊነት የሚሸከመው በፈቃድ የሚገባው ሽፋን ነው። ያኛው ደግሞ የአጠቃቀም ገደብ ያለበት ነው። መድን ሰጪው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ የውል ጥሰትን ጠቅሶ ገንዘቡን ከባለመኪናው ለማስመለስ ሊጠይቅም ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው። መኪናውን ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ «ሠርተህ ብላ» ብሎ የሰጠ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

አገልግሎቱ እንዴት ይታወቃል?

አንዳንዶች መኪናው ምን ይዞ እንደነበር ማን ያውቃል ይላሉ። የጉዳት መርማሪው የሚያየው ግን የተጨማደደውን ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ኮፈኑ ውስጥ ያለው የበረዶ ሣጥን፣ የታጠፈው ወይም የወጣው የኋላ ወንበር፣ በስፋት የተነጠፈው ፕላስቲክና በምንጣፉ ውስጥ የገባው የዓሣ ውኃ ይናገራሉ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አደጋው የደረሰበትን ሰዓትና ቦታ፣ በመኪናው ውስጥ የነበረውንም ይመዘግባል። ዕቃውን ይጠብቅ የነበረው ምግብ ቤትና በወደብ ያስጫነው ሰው ለምስክርነት ሊጠሩ ይችላሉ። በስልክ መተግበሪያ የሚመጣ ትዕዛዝ ከሆነ ደግሞ የተወሰደበትና የደረሰበት ሰዓት በመዝገብ ይቀመጣል።

በዚህ ጊዜ «ጭነቱን አውርድና ለቤተሰብ ነበር በል» የሚል ምክር ከአጠገብ አይጠፋም። ይህ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ባለማወቅ የተተወ መግለጫ ተብሎ በከፊል ካሳ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ አውቆ ወደተነገረ ሐሰት ያሸጋግረዋል፤ በማታለል ወንጀል ሊያስጠይቅም ይችላል። እውነቱን የተናገረ ሰው ቢያንስ የ60 በመቶውን ክርክር ይዞ ይቆያል።

ሽፋኑን ለማስተካከል የሚያስፈልጉ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ በእጅ ያለውን ሰነድ ማንበብ ነው። መኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን ምልክት ብቻውን አይበቃም። ከፖሊሲው ጋር የተያያዘው የዝርዝር ገጽ መውጣት አለበት፤ በእርሱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የተገመተው ዋጋና የተፈቀደው አገልግሎት ይገኛሉ። ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ብቻ ከተጻፈ፣ የአገልግሎት ገደቡን የሚናገረውን ክፍል ቅርንጫፉ በአማርኛ እንዲያስረዳ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ሥራውን በጽሑፍ መግለጽ ነው። ለመድን ሰጪው የሚቀርበው ማመልከቻ አጭር ቢሆንም የሚከተሉትን ሊመልስ ይገባል፦ የሚጫነው ምንድን ነው? የራስ ነው ወይስ የሌላ ሰው? ክፍያ አለው? በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? መንገዱ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ እስከ መርዓዊ፣ እስከ ሐሙሲት ወይም እስከ ጎንደር ይዘልቃል? ከፍተኛው የጭነት ክብደት ስንት ነው? የሚነዳው ባለቤቱ ነው ወይስ ሌላ ሹፌር? ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ በባለመኪናው እጅ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቅርንጫፉ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም እንዲያኖርበት ማድረግ በኋላ «አልነገርከንም» የሚለውን ክርክር ያስቀራል። ለሽያጭ ወኪል ወይም ለደላላ በቃል መንገር ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ሦስተኛው የመኪናው ሰሌዳና ሊብሬ ነው። በስፋት በሚታወቀው አሠራር ቀይ ሰሌዳ ያለው ኮድ 1 ለታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 ለግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 ለንግድ አገልግሎት የሚሰጥ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ የሚመዘገበው ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር አብሮ እንዲሆን ስለሚያደርግ፣ መኪናውን በቋሚነት በክፍያ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚህ ጋር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚሰጥ የንግድ ፈቃድ ይጠየቃል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ፣ ባንኩ በመያዣነት ስላስመዘገበው ለለውጡ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኮዱ ሲለወጥ የሰሌዳ ቁጥሩም ይለወጣል። መድኑ የተገባው ግን በቀድሞው ቁጥር ነው። አዲስ ሰሌዳ ለጥፎ አሮጌውን ፖሊሲ የያዘ ሰው፣ በሰነድ ሲታይ ሌላ መኪና ያስመድናል ማለት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ማንነቱን ለማስረዳት ቢረዳም፣ ከአደጋ በኋላ ክርክር ከመክፈት አዲሱን ሊብሬ ይዞ በዚያው ቀን ወደ መድን ሰጪው መሄድ ይቀላል። ስለዚህ የሚመከረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ከመድን ሰጪው የዓረቦኑን ልዩነት መጠየቅ፣ ቀጥሎ የንግድ ፈቃዱንና የሰሌዳ ለውጡን መጨረስ፣ ከዚያም በአዲሱ ሰሌዳ የተስተካከለውን የመድን ሰነድ መረከብ፣ በመጨረሻም ሥራ መጀመር።

አራተኛው የማሻሻያ ሰነዱ ነው። ውሉ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በመካከል ሊሻሻል ይችላል። ኩባንያው ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ፣ ኢንዶርስመንት የሚባል የማሻሻያ ወረቀት ያወጣል፤ ወይም የግሉን ውል ዘግቶ አዲስ የንግድ ተሽከርካሪ ውል ይሰጣል። ተጨማሪ ዓረቦኑ የሚታሰበው በቀሪው ጊዜ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የዓመቱ ልዩነት 8 ሺህ ብር ከሆነና ከውሉ ስድስት ወር ከቀረ፣ የሚጨመረው ወደ 4 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወረቀቱ ሲደርስ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ አገልግሎቱ ትክክል ተጽፏል? የሰሌዳ ቁጥሩ አዲሱ ነው? የሚጸናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ገንዘቡ ተከፍሎ ደረሰኙ በእጅ ሳይገባ ግን ሽፋኑ ጀምሯል ብሎ መኪናውን ማሰማራት አይገባም።

አምስተኛው ሹፌሩ ነው። መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ያልተቃጠለና ለተሽከርካሪው ዓይነት የሚመጥን መሆኑ መታየት አለበት። አገልግሎቱ ተስተካክሎ የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ቢቀር፣ ካሳው በአንዱ በር ሲገባ በሌላኛው ይወጣል።

ዓሣውን የሚሸፍነው ማን ነው?

የንግድ አገልግሎት ተፈቅዶለት የተገባ የተሽከርካሪ መድን እንኳ የሚጠግነው መኪናውን ነው፤ የሚክሰውም በውጭ የተጎዳውን ሰውና ንብረት ነው። በመኪናው ውስጥ የነበረው ዓሣ፣ ማንጎ ወይም ታዝዞ የተወሰደ ዕቃ በዚህ አይሸፈንም። ዕቃውን በክፍያ የተረከበ ሰው ግን ለባለዕቃው ኃላፊነት አለበት። የጭነቱ ዋጋ ከፍ ያለ ከሆነ በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚሰጥ የተለየ መድን አለ።

ይህን ሲዋዋሉ መጠየቅ ያለበት ነገር በአደጋ መጥፋትና በራሱ ጊዜ መበላሸት ያላቸው ልዩነት ነው። መኪናው ተገልብጦ የፈሰሰ ዓሣ በአንድ መንገድ ይታያል፤ ጎማ ተንፍሶ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ የሸተተ ዓሣ በሌላ መንገድ ይታያል። ሁለተኛው በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። እንዲሁም በጦርነትና በሁከት ለሚደርስ ጉዳት የተለመደው የተሽከርካሪ ፖሊሲ ሽፋን አይሰጥም፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

ሥራው የወቅት ብቻ ለሆነ ሰው

በሌሎች አገሮች ይህ ችግር በሌላ መልክ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ምግብ አድራሾች ለሚሠሩበት ሰዓት ብቻ የሚከፍሉበት የመድን ዓይነት ለገበያ ቀርቧል። በእኛ አገር የተለመደው ግን የአንድ ዓመት ውል ነው። ስለዚህ ምርት በሚደርስበት ወቅት ብቻ ለጥቂት ሳምንታት የሚሠራ ሰው፣ ሰሌዳ ከማስለወጥና ዓመቱን ሙሉ የንግድ ዓረቦን ከመክፈል ይልቅ ቀድሞ ኮድ 3 ያለውን ተሽከርካሪ በኪራይ ማሠራቱ ይቀለው እንደሆነ ማስላት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በወቅቱ ከማመላለስ የሚገኘው የተጣራ ገቢ ከዓረቦኑ ልዩነት፣ ከፈቃዱና ከሰሌዳ ለውጡ ወጪ በታች ከሆነ፣ በቤት መኪና መሥራቱ በአደጋው ስጋት ላይ የተጨመረ ኪሳራ ነው።

ካሳ ተከልክሎ ቅር የተሰኘ መድን ገቢ በመጀመሪያ የክልከላውን ምክንያትና የተጠቀሰበትን የውል አንቀጽ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይገባዋል። ምክንያቱ የአጠቃቀም ገደብ ነው ወይስ ያልተገለጸ መረጃ የሚለው የሚለየው ከዚያ ወረቀት ነው። የመድን ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ በፍርድ ቤት ለመጠየቅ የንግድ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ በሽምግልናና በምልልስ ጊዜው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያሻል።

ከወደቡ ዕቃ ለመጫን የሚነሣ ባለመኪና ከመነሣቱ በፊት ሦስት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃዋል፦ ሊብሬውን፣ የንግድ ፈቃዱንና የመድን ሰነዱን። በሦስቱም ላይ ያለው የሥራ ዓይነት አንድ ከሆነና የሰሌዳ ቁጥሩ በሊብሬውና በመድን ሰነዱ ላይ ከተመሳሰለ ሽፋኑ ከሥራው ጋር ይሄዳል። አንዱ «የግል» ሌላው «የንግድ» የሚል ከሆነ ግን ልዩነቱ መስተካከል ያለበት በቅርንጫፉ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ከአደጋ በኋላ በጋራዥ በር ላይ አይደለም።